ከቀረው የሚቆጠር ሌሊት

ሸዕባን 20

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን፣ ዓይንሽንና ጉልበትሽን ይጠብቅልኝ። የስፌት መኪናሽንም አብሮ ይጠብቅልኝ፤ እሷ ከታመመች አንቺም እንደምትታመሚ አውቃለሁና። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ እንደምትሰድቢኝ አውቄ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ስድቡን ግን ከመልሱ በኋላ አድርጊልኝ።

አሁንም እዚያው የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ። ሥራዬ አንሶላ ነው። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን ወደ ጋለው ሮለር እናስገባለን፣ በወዲያ በኩል ተተኩሶ ይወጣል፣ እናጥፋለን። በአንድ ፈረቃ ስንት እንደሚያልፍ ብነግርሽ አታምኚኝም። ፈረቃዬ ሁልጊዜ የሌሊት ነው። ረመዳን ሲመጣ ፆሙ አይከብደኝም፤ የሚቆጨኝ ሌሊቱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች አንሶላ ሳስገባ ነው ያሳለፍኳቸው።

ዘንድሮ አለቃዬ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «አምስት ሌሊት ልስጥህ፣ ግን ቀኖቹን ወሩ ሳይገባ በጽሑፍ አምጣ፤ የሚተካህን ሰው ማሰለፍ አለብኝ፣ ከሰጠህ በኋላ መቀየር የለም» አለኝ። እኔም ጎዶሎዎቹን አምስቱን አሰብኩ፤ ሃያ አንድን፣ ሃያ ሦስትን፣ ሃያ አምስትን፣ ሃያ ሰባትንና ሃያ ዘጠኝን ፆሜ የማመሽባቸውን። አንቺ ግን ትክክለኛውን ቁጠሪልኝ። እንደ ድሮው። እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ጥለሽ «ተነስ፣ ዛሬ ጎዶሎ ናት!» ስትዪኝ፣ እኔ ደግሞ ብርድ ልብሱን ይዤ «ትናንት ጎዶሎ አልነበረችም እንዴ?» ስልሽ ትዝ ይልሻል? ወላሂ የዚያ ፎጣ ቅዝቃዜ አሁንም ጉንጬ ላይ አለ።

እትዬ፣ ለምን ይሄን ያህል እንደምጨነቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የእማን የመጨረሻ ረመዳን ሠንጠረዥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ታርፍ» ሲል በጎዶሎው ሌሊት ለሰላት ትነሳ፣ በጥንዱ ትተኛ ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። በሃያ አራተኛዋ ሌሊት «ልነሳ» ስትለኝ «እማ፣ ዛሬ ጥንድ ናት፣ ጉልበትሽን ለነገ አስቀምጪ» አልኳት። ነገ አልመጣላትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያቆየኝ፤ የከለከልኳት ሌሊት እንኳንም ጥንድ ሆነች እያልኩ። ዘንድሮ ለራሴም ለእሷም ብዬ ሌሊቱን በሰላት መቆም እፈልጋለሁ። ስለዚህ አታሳስቺኝ።

ወንድምሽ

*

ሸዕባን 24

ለወንድሜ፣ ለሠንጠረዥ መሐንዲሱ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከእሳትም ከዚያ ሮለርህም ይጠብቅህ፤ ጣትህን እንዳታስገባ። ስድቡን እንዳልከኝ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ፤ ተጠራቅሞ ይጠብቅሃል። ይሄን በእጄ ጽፌ የታችኛው ቤት ፋርማሲስት በስልኳ ፎቶ አንስታ ነው የምትልክልህ። ጽሑፌ ካልታየህ መነጽር ግዛ እንጂ እኔን አትውቀስ።

አሁን ስማ። ገና ከመጀመሪያው ተሳስተሃል! «ሃያ አንድን ፆሜ የማመሽባቸው» ትላለህ። አይ አንተ! ለእኛ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሌሊት ትቀድማለች፣ ቀኑ ይከተላታል። ሃያኛውን ፆመህ ቴምርህን አፍህ ውስጥ ያደረግክባት ምሽት፣ እሷ ናት ሃያ አንደኛዋ ሌሊት። ሃያ አንድን ፆመህ ብታመሽ ሃያ ሁለተኛዋ ውስጥ ነህ። ካላመንከኝ አስበው፦ የተራዊህ ሰላት የሚጀመረው መቼ ነው? ገና አንድ ቀን ሳንፆም፣ ጨረቃ በታየችበት ማታ። በኢድ ዋዜማስ ተራዊህ አለ? የለም፤ ያቺ ሌሊት የቀጣዩ ወር የሸዋል ናትና። አሥሩን ሌሊት መስጂድ ለማደር ኢዕቲካፍ የሚገቡትም ሰዎች በሃያኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ምንጣፋቸውን ይዘው መስጂድ የሚገቡት። አጎታችን ትራሱን በብብቱ ይዞ ሲሮጥ፣ እኛ በመስኮት እያየን ስንስቅ፣ «ሃያ አንደኛዋ ልታመልጠኝ ነው!» እያለ ነበር የሚሮጠው። ረሳኸው?

ጎዶሎዎቹ ለምን እንደሚበረቱ ደግሞ ልጅ ሆነህ ስትጠይቀኝ የነገርኩህን ልድገምልህ። ነቢዩ ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም ለይለቱል ቀድርን፣ የውሳኔዋን ሌሊት፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች፣ ከእነሱም በጎዶሎዎቹ ፈልጓት ብለዋል። አላህ አንድ ነው፣ ጎዶሎን ይወዳል፤ ለዚህ ነው የሌሊት ሰላታችንን እንኳ በዊትር፣ በጎዶሎ በሚቆጠረው ስግደት፣ የምንዘጋው። ያቺ አንዷ ሌሊት ከሺህ ወር ትበልጣለች። መላእክት ይወርዱባታል፣ ጎህ እስኪቀድ ሰላም ናት። ብዙ ሰው ሃያ ሰባት ናት ይላል፤ መስጂዱም ያን ዕለት ጫማ ማስቀመጫ ይጠፋበታል። ግን «እሷ ናት» ብሎ የሚምል ሰው ካገኘህ ከእሱ ራቅ። የተደበቀችው ሰው አንዷን ይዞ ሌሎቹን እንዳይጥል ነው።

ሌላው ዋናው ነገር፦ ጨረቃ ሳትታይ ቀን እንዳትሰጥ! የግድግዳ ካላንደር ጨረቃን አያዛትም። ሸዕባን ሃያ ዘጠኝ ይሁን ሠላሳ ማን ያውቃል? አለቃህን ሦስት ቀን ለምነው።

የልኬት ደብተሬ ጀርባ ላይ እንደ ሁልጊዜው የዘንድሮውን መስመር አስምሬ እየጠበቅኩ ነው። የደንበኛ ወገብና ትከሻ ከፊት፣ የጨረቃ ሂሳብ ከኋላ። ደንበኞቼ ቢያዩት የእነሱ ወገብ ሃያ ዘጠኝ የሆነ ይመስላቸውና ደስ ይላቸው ነበር።

ስለ እማ የጻፍከውን አይቻለሁ። አላህ ይዘንላት።

እህትህ

*

ረመዳን 1 (በአንቺ አገር 2)

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የረመዳን ወር በሰላም ያድርስሽ፣ በሰላም ያስጨርስሽ። ከቀኑ ቁጥር እንዳየሽው ጉዴ ፈልቷል።

አለቃዬ ሦስት ቀን አልጠበቀኝም። ለምኜው ነበር፤ «ጨረቃ? የምን ጨረቃ?» ብሎ እንደ እብድ አየኝ። ስለዚህ የመስጂዱን ካላንደር አየሁ፣ ማክሰኞ ይጀምራል ይላል። ባስተማርሽኝ መሠረት ሌሊቷን ከቀኑ አስቀድሜ፣ እሁድ ማታ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ሐሙስ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሰኞ ማታ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እንዴት ኮራሁ መሰለሽ! አንዲት ስህተት የለባትም።

ሰኞ ማታ ወጥተን ሰማዩን አየን። ደመና። ከየትም ያየ ሰው አልመጣም። ኢማሙ «ሸዕባን ሠላሳ ይሞላል» አለን። እናንተ ማክሰኞ ፆማችሁ፣ እኛ ረቡዕ። አሁን የእኔን አምስት ሌሊት ቁጠሪያቸው፦ ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስምንት። ሁሉም ጥንድ። የመጀመሪያዋ ጭራሽ ከአሥሩም ውጭ ናት! ጎዶሎዎቹን አምስቱን ደግሞ አንድ ሳይቀሩ አንሶላ ሳስገባ ላድርባቸው ነው። ቢሮ ሄጄ ለመንኩ፤ ተተኪው ሰው ቀኑን ይዟል፣ አይቀየርም አሉኝ።

እትዬ፣ ስቄ ልጻፍልሽ ብዬ ነበር፣ ግን አልቅሻለሁ። ለእናቴ ጥንዷን ሰጠኋት፣ ይኸው ለእኔም ጥንዶቹ ደረሱኝ። ፍርድ ይመስላል።

ወንድምሽ

*

ረመዳን 5 (በአንተ 4)

ለወንድሜ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ልብህን ያረጋጋው። ፍርድ ምናምን እያልክ አላህ ላይ አትዋሽ፤ ደመና ደመና ነው።

መጀመሪያ የሚያስቀውን ልንገርህ። የያዝካቸው አምስቱም ሌሊቶች በእኔ ቆጠራ ጎዶሎ ናቸው። እኔ እዚህ ስቆም አንተም እዚያ ነፃ ነህ። «በእህቴ ቆጠራ ልሂድ» እንዳትለኝ ግን። ሰው የሚፆመውም፣ ኢድ የሚያደርገውም፣ ሌሊቱን የሚቆጥረውም ካለበት ጀማዓ ጋር ነው። እናንተ ዘንድ ጨረቃ አልታየችም፣ አለቀ።

ሁለተኛ፣ ከመግሪብ እስከ ጎህ ያለው ሁሉ ሌሊት ነው። ፈረቃህ መሃል እረፍት የለህም? ሁለት ረከዓ የሚሰገድባት ጥግ የለችም? እጅህ አንሶላ ይዞ ምላስህ ምን ያደርጋል? ሥራ ላይ ያለ ሰው ሌሊቷ አትዘጋበትም።

ሦስተኛውን አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነበር። ሌሊቶቹ ከፊት ብቻ አይደለም የሚቆጠሩት። ነቢዩ «ዘጠኝ ሲቀር፣ ሰባት ሲቀር፣ አምስት ሲቀር ፈልጓት» ያሉበትም አለ። ከቀረው መቁጠር ማለት ነው። ወሩ ሃያ ዘጠኝ ከሆነ ሁለቱ ቆጠራ ይገጥማል፤ በሃያ አንደኛዋ ያቺን ጨምሮ ዘጠኝ ይቀራል፣ በሃያ ሦስተኛዋ ሰባት። ወሩ ሠላሳ ከሞላ ግን ይገለበጣል። ዘጠኝ የሚቀረው በሃያ ሁለተኛዋ፣ ሰባት የሚቀረው በሃያ አራተኛዋ፣ አምስት የሚቀረው በሃያ ስድስተኛዋ፣ ሦስት የሚቀረው በሃያ ስምንተኛዋ ነው። አየህ? ወርህ ሠላሳ ከሆነ ከአምስቱ አራቱ ሌሊቶችህ ከኋላ ሲቆጠሩ ጎዶሎ ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ይሁን ሠላሳ ደግሞ በመጨረሻዋ ማታ ካልሆነ ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው አዋቂዎቹ «ጎዶሎዎቹን አጥብቁ፣ ግን አሥሩንም አትልቀቁ» የሚሉት።

ስለዚህ አታልቅስ፣ ተኝተህ ኃይልህን አጠራቅም። እኔ ለኢድ መድረስ ያለባቸው አሥራ አንድ ቀሚሶች አሉብኝ፣ አንዱም እጅጌ የለውም።

እህትህ

*

ረመዳን 8

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እጅጌዎቹን አላህ ያግራልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ዘለልኩ። ለሥራ ባልደረባዬ ሳይቀር በምልክት አስረዳሁት፣ አንሶላውን ከሁለቱም ጫፍ እያጠፍኩ። ከዚህ ጫፍ ብትቆጥር ይሄ፣ ከዚያ ጫፍ ብትቆጥር ያ። ሳቀብኝ፣ ግን ገባው።

ቤቴ ገብቼ ልተኛ ስል ነው ሌላው የመጣብኝ። ሃያ አራተኛዋ፣ ወሩ ሠላሳ ከሆነ፣ ሰባት የሚቀርባት ሌሊት ናት። እንግዲህ የእማ ዓመትስ? ያ ረመዳን ስንት ቀን ነበር?

እኔ አላስታውስም። ያን ጊዜ ቀን አልቆጥርም ነበር፤ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ኢዱ መቼ እንዳለፈ አላውቅም። አንቺ ግን ደብተር ላይ ጽፈሻል። በየዓመቱ ትጽፊያለሽ። ሃያ ዘጠኝ ነበር በይኝና እንደ ድሮዬ ልኑር። ሠላሳ ከሆነ ግን ያቺን አጽናኝ ያልኳትን ነገር ራስሽ ወሰድሽብኝ ማለት ነው፤ የከለከልኳት ጎዶሎዋን ነው። ለመነሳት ክንዴን ይዛ ነበር እኮ እትዬ። እጇን ከክንዴ ላይ አንስቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እንዳትዋሺኝ።

ወንድምሽ

*

ረመዳን 17

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዘጠኝ ቀን ሆነው። ፋርማሲስቷ ጋ ስደውል «ደህና ናት፣ ስትሰፋ ነው የምትውለው» አለችኝ። ጤነኛ ከሆንሽ ለምን አትመልሺልኝም? ዝም ማለትሽ ሠላሳ ነው እንደማለት ሆነብኝ።

ወንድምሽ

*

ረመዳን 24 (በአንተ 23)፣ ሐሙስ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ

ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሁለታችንንም ይማረን። ይሄን የምጽፈው እሷ ባለፈችበት ቀንና ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ላዘገየው አልቻልኩም።

ደብተሩን አውጥቻለሁ። ሠላሳ ነው። በጉልህ ጽፌዋለሁ፣ ከጎኑም አንዲት የሙሽራ ቀሚስ ልኬት አለ፤ ሙሽራዋ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። ስለዚህ ያቺ ሌሊት ሰባት የሚቀርባት ነበረች። አልዋሸሁህም።

አሁን ግን የዋሸሁህን ልንገርህ። ያን ሌሊት እናታችን አልተኛችም።

አንተ ሁለት ሌሊት ሳትተኛ ቆይተህ ነበር። እሷን «ተኚ» ካልክ በኋላ ከአልጋዋ ሥር ባለው ፍራሽ ላይ ሸሚዝህን ሳታወልቅ ተዘረርክ፤ ማንኮራፋትህ ይሰማ ነበር። ውሃ ላቀርብላት ገባሁ። ዓይኗ ክፍት ነው። «ስንተኛዋ ናት?» አለችኝ። «ሃያ አራት፣ ጥንድ ናት፣ እሱ ተኚ ብሎሻል» አልኳት። ፈገግ ብላ «እሱ ካለፈው ይቆጥራል፤ እኔ የምቆጥረው ከቀረኝ ነው፣ አንሺኝ» አለችኝ። ከጀርባዋ ገብቼ ደረቴ ላይ አስደገፍኳት። እንደ ልጅ ቀልላ ነበር። አንተን እንዳንቀሰቅስ በሹክሹክታ «አላሁመ ኢነከ ዐፉውን፣ ቱሒቡል ዐፍወ፣ ፈዕፉ ዐኒ» እያለች፣ ይቅር ባይ ነህ፣ ይቅርታን ትወዳለህ፣ ይቅር በለኝ እያለች፣ እያረፈች፣ ደግሞ እየቀጠለች፣ መስኮቱ እስኪነጣ ተቀመጥን። ከዚያች የተሻለ ሌሊት በሕይወቴ አላየሁም።

ጠዋት «አትንገሪው፤ ያን ሁሉ ሠንጠረዥ ሠርቶ እንቢ አለችኝ ብሎ ይከፋዋል፣ ማታ ራሴ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ማታ አልደረሰችም።

እሺ፣ ከዚያ በኋላ ለምን አልነገርኩህም? ይሄ ነው እስከ ዛሬ አንገቴን የሚያስደፋኝ። መጀመሪያ ለቅሶ ነበር። ከዚያ አንተ ሁለት ወር ሳይሞላ «ልሄድ ነው» አልክ። ቤቱን፣ የእሷን ልብስ፣ የእሷን ባዶ አልጋ ለእኔ ትተህ ሻንጣህን ዘጋህ። ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። «ይሂድ፣ ግን ያቺ ሌሊት የእኔ ብቻ ትሁን፣ እሱ ጋ ምንም አይድረሰው» አልኩ። በልቤ አይደለም፣ በአፌ፣ እዚችው የስፌት መኪና ፊት ቁጭ ብዬ ነው ያልኩት። እንደምትሰቃይ አላወቅኩም ማለት አልችልም። በየዓመቱ «እንኳንም ጥንድ ሆነች» ስትለኝ እሰማ ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ መናገር አሳፈረኝ።

እናታችን ይቅርታ ስትለምን ያደረችባትን ሌሊት ቂም አድርጌ አስቀመጥኳት። ከዚህ የባሰ ምን አለ? አፉ በለኝ ወንድሜ። አዛኑ ሊል ነው፣ ሃያ አምስተኛዋ እየገባች ነው። አፉ በለኝ።

እህትህ

*

ረመዳን 29፣ ረቡዕ፣ ከመግሪብ በኋላ

ለእትዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ፆምሽን፣ ሌሊትሽን ይቀበልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዚያኑ ሐሙስ ነው። ማታው ነፃ ከሆንኩባቸው አንዱ ነበር፣ ሃያ አራተኛዬ። አልሰገድኩም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፣ የአውቶቡሱ መስመር እስኪያልቅ በእግሬ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። የምጽፍልሽን እያሰብኩ ነበር። ጻፍኩትም። ላሳይሽ የማልፈልገውን ቃል ሁሉ ጻፍኩ። «አሥራ ሁለት ዓመት!» የሚለውን ብቻ አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አርብ ሥራ ገብቼ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ አንዱን አንሶላ ሮለሩ ላይ አቆየሁት፤ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ አለቃዬ ጮኸብኝ።

በእረፍት ሰዓት የተቃጠለውን አንሶላ ይዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ ስለ ሌሊቷ አንቺ ሳትጽፊልኝ የቀረሽው ነገር ትዝ አለኝ። ነቢዩ የትኛዋ እንደሆነች ሊናገሩ ወጥተው ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አገኙ፣ ዕውቀቱ ተነሥቶ ተወሰደ። በሁለት ሰው ጠብ! ሁለቱ ሰዎች እኛ ነን እትዬ። አንቺ በእኔ መሄድ ተቆጥተሽ፣ እኔ በአንቺ ዝምታ። ደብዳቤውን ቀደድኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎዶሎም ጥንድም አላልኩም። ቅዳሜ ቆምኩ። እሁድ፣ ሃያ ሰባተኛዋ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በጋሪዎቹ መሃል ካርቶን አንጥፌ ሁለት ሁለት እያልኩ ሰገድኩ፣ ባልደረባዬ ጫፉን ለብቻው እየያዘ ሸፈነልኝ። ሰኞ ቆምኩ። ማክሰኞ እንደገና ካርቶኔ ላይ።

አሁን ከደቂቃዎች በፊት ጨረቃ ታየች ተባለ። እናንተ ሠላሳ ሞልታችሁ፣ እኛ በሃያ ዘጠኝ፣ ነገ ሁላችንም ኢድ ነን። እንግዲህ የእኔ አምስት ሌሊቶች ከፊትም ጥንድ፣ ከኋላም ጥንድ ሆነው ቀሩ። ድሮ ቢሆን ራሴን እበላ ነበር። አሁን ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው።

አፉ ብዬሻለሁ። ከልቤ። እኔም ስለ ሻንጣው አፉ በዪኝ፤ ባዶውን አልጋ ማየት ስላልቻልኩ ነው የሸሸሁት፣ አንቺ ግን በየቀኑ እያየሽው እንደምትውዪ አላሰብኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እዚያው እግሯ ሥር ነበርኩ። ያን ሌሊት ስለ እኔ አንድ ቃል ተናግራ ነበር?

ወንድምሽ

*

የኢድ ቀን፣ ጠዋት

ለወንድሜ፣

ኢድ ሙባረክ። አላህ ይቀበለን። አፉ ብዬሃለሁ፣ ድሮ ገና ብዬህ ነበር፤ ማመን አቅቶኝ ነው እንጂ።

ጠይቀሃልና ልንገርህ። ሊነጋ ሲል በእንቅልፍህ ተገላበጥክና ብርድ ልብስህ ወደቀ። ላነሳው ዘንበል ስል እሷም አብራኝ ዘንበል አለች። «እንቀስቅሰው እንዴ፣ እማ? አብሮን ይቁም» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችህ። ከዚያ እጇን ወደ አንተ አቅጣጫ ዘርግታ፣

«ተዪው፣ ደክሞታል፣ ይተኛ» አለችኝ። «ስለ እሱም እኔ ተነስቻለሁ።»

እህትህ